አራት አንቀጽ የነበረው ኢሜይል

የሪፖርት ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ለኃላፊዬ የጻፍኩት ኢሜይል አራት አንቀጽ ሆነብኝ። የየአንቀጹን ፍሬ ነገር ጎኑ ላይ በአንድ መስመር ስጽፍ፣ «ቀኑ ይራዘምልኝ» ሦስት ቦታ ተገኘ። አንዱን ብቻ አስቀርቼ ወደ መጀመሪያው አመጣሁት። «እንደሚታወቀው» እና «ከላይ እንደገለጽኩት» ወጡ፤ የሚታወቅ ከሆነማ ለምን እጽፈዋለሁ?

መጀመሪያ ላይ ግን አብዝቼ ቆርጬ ነበር፤ የመዘግየቱ ምክንያት ጭምር ወጥቷል። ኃላፊዬ መረጃው ዘግይቶ እንደደረሰኝ አያውቁም፤ «ለምን?» ብለው መልሰው መጠየቃቸው አይቀርም። ያቺን ዓረፍተ ነገር መለስኳት። የተላከው ይህ ነው፦

«የሽያጭ ሪፖርቱን ከሐሙስ ይልቅ ሰኞ ባስረክብ ይፈቅዱልኛል? የሁለት ቅርንጫፎች መረጃ የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ ለማመሳከር ሁለት የሥራ ቀን ያስፈልገኛል። የሌሎቹ ተጠናቋል፤ ከፈለጉ ሐሙስ እልካለሁ።»