በፒጂፒ ኢሜይል ሲላላኩ የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ቁልፉ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በወጣ አንድ ጥናት ኢሜይል መጠቀም የሚያውቁ 12 ሰዎች ኢሜይል የሚመሰጥረው ፒጂፒ 5.0 የተባለ ፕሮግራም እና 90 ደቂቃ ተሰጣቸው። ሥራቸው የተመሰጠረ መልእክት ለቡድን አባላት መላክ ነበር። ሰባቱ መልእክቱን የመሰጠሩት በራሳቸው ቁልፍ ብቻ ነው። ሦስቱ ደግሞ ምስጢሩን በስህተት ሳይመሰጠር ላኩት። ፕሮግራሞቹ ዛሬ ብዙ ተሻሽለዋል፤ ስህተቶቹ ግን አብዛኞቹ ያው ናቸው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አስቴር ሜሪላንድ ትኖራለች እንበል። አዲስ አበባ ካለው ጠበቃዋ ጋር የውርስ ሰነድ መላላክ ትፈልጋለች። እሷ ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ትጠቀማለች፤ እሱ ደግሞ ከፒጂፒ ጋር የሚግባባውን ጂፒጂ የተባለ ፕሮግራም በትእዛዝ መስመር።

የትኛው ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ማምታታት

ጥፋቱ የስያሜው ነው። «ይፋ ቁልፍ» የሚባለው በሥራው ቁልፍ ሳይሆን የተከፈተ ጓጉንቸር ነው። ጠበቃው ጓጉንቸሩን ለአስቴር ይልክላታል፣ እሷ ሰነዱን በዚያ ትቆልፋለች፣ መክፈቻው ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። በራሷ ጓጉንቸር ብቻ ከቆለፈችው ጠበቃው ይህን ያያል፦

```
gpg: decryption failed: No secret key
```

ይህ ስህተት ሥራ ያጓትታል እንጂ ምስጢር አያወጣም። የከፋው ምስጢር ቁልፍን እንደ ይፋ ቁልፍ አያይዞ መላክ ነው። ሁለቱም ፋይሎች ስማቸው በ`.asc` ሊያልቅ ስለሚችል በዓይን አይለዩም። ከመላክዎ በፊት ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው የመጀመሪያውን መስመር ይዩ። `BEGIN PGP PUBLIC KEY BLOCK` ካለ ይላኩት። `PRIVATE` የሚል ካዩ ከኮምፒውተርዎ አይውጣ። አንዴ ከወጣ ቁልፉን ሰርዞ አዲስ ከመሥራት በቀር መፍትሔ የለውም።

ስም አይቶ ማመን

አስቴር የጠበቃውን ቁልፍ ከሕዝብ የቁልፍ ማከማቻ ብትፈልግ በስሙ የተመዘገቡ ሁለት ሦስት ቁልፎች ልታገኝ ትችላለች። ቁልፍ ሲሠራ የሚጻፈውን ስምና ኢሜይል የሚያጣራ የለም፤ ማንም ሰው በማንም ስም መሥራት ይችላል። `keys.openpgp.org` ወደ አድራሻው የማረጋገጫ ኢሜይል ሳይልክ ቁልፉን በኢሜይል እንዲገኝ አያደርግም። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም የሚያረጋግጠው በዚያ ጊዜ የኢሜይል ሣጥኑን የያዘው ሰው ቁልፉን ማጽደቁን ብቻ ነው። ሣጥኑ ተሰብሮ ከሆነ ያጸደቀው ሰባሪው ነው።

ቁልፉን በኢሜይል መቀበልም ያው ነው። መሐል የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ ተክቶ ያስተላልፋል፣ የአስቴርን ሰነድ ከፍቶ ያነባል፣ ከዚያ በእውነተኛው ቁልፍ እንደገና ቆልፎ ለጠበቃው ይልካል። ሁለቱም ወገኖች ምንም አይታያቸውም። ስለዚህ ቁልፉ በመጣበት መንገድ ሳይሆን በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት።

የሚረጋገጠው በአሻራው፣ ማለትም ከቁልፉ ተሰልቶ በሚወጣው አጭር መለያ ነው። አሁን በብዛት የሚሠራባቸው ቁልፎች አሻራ 40 ምልክት አለው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከA እስከ F ያሉ ፊደላት። ጠበቃው የራሱን ለማየት የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ይህን ይጽፋል፦

```
gpg --fingerprint tebeka@example.com
```

በአራት በአራት ተከፍለው አሥር ምድብ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ አስቴር በምታውቀው ስልክ ትደውላለች፤ ከኢሜይሉ ግርጌ ባገኘችው ቁጥር አይደለም። ድምፁን ማወቋም ይረዳል። እሱ ያነባል፣ እሷ ስክሪኗ ላይ ያለውን ትከተላለች። የውጭ ስልክ ሲቆራረጥ «ቢ»፣ «ዲ» እና «ኢ» አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቃል መስጠት ይሻላል፦ ኤ አዲስ አበባ፣ ቢ ባሕር ዳር፣ ሲ ቻይና፣ ዲ ድሬዳዋ፣ ኢ ኢትዮጵያ፣ ኤፍ ፋሲል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

የመጨረሻዎቹን ስምንት ብቻ ማመሳከር

አርባውን ማንበብ የሚሰለቸው ሰው «መጨረሻው ገጥሟል» ብሎ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ተመራማሪዎች የመጨረሻ ስምንት ምልክቶቹ ከሌላ ሰው ቁልፍ ጋር የሚገጥም ቁልፍ በአንድ የግራፊክስ ካርድ በ4 ሰከንድ ገደማ እንደሚሠራ አሳዩ። በ2016 በሊኑክስ ፈጣሪ በሊነስ ቶርቫልድስ ስም በዚሁ መንገድ የተሠራ ሐሰተኛ ቁልፍ የሕዝብ ማከማቻ ላይ ተገኘ። ስምንት ምልክት ማመሳከር እንግዲህ ጭራሽ ካለማመሳከር ብዙም አይሻልም። አርባውም ይነበቡ።

ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት «5» መምረጥ

ለእኛ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ችግሩን የፈታ ይመስለዋልና። ጠበቃው የአስቴርን ቁልፍ አስገብቶ ሊመሰጥር ሲል ይህ ይመጣል፦

```
There is no assurance this key belongs to the named user
Use this key anyway? (y/N)
```

በየመልእክቱ `y` ማለት ሲሰለቸው መፍትሔ ይፈልግና `trust` የሚለውን ትእዛዝ ያገኛል። ዝርዝሩ ውስጥ 5 ቁጥር `I trust ultimately` ነው። ይመርጣል፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።

ጂፒጂ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚጠይቀው። አንዱ «ይህ ቁልፍ በእርግጥ የአስቴር ነው ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «አስቴር ስለ ሌሎች ሰዎች ቁልፍ የምትሰጠውን ምስክርነት ትቀበላለህ ወይ?» የሚል ነው። `trust` ሁለተኛው ነው። 5 ደግሞ ለራስ ቁልፍ ብቻ የተበጀ ነው፤ ለአስቴር ከተሰጠ እሷ የፈረመችባቸው ቁልፎች ሁሉ እሱ ራሱ እንዳረጋገጣቸው ይቆጠራሉ። እሷ በየዋህነት አንድ ሐሰተኛ ቁልፍ ብትፈርም እሱ ዘንድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይገባል።

ትክክለኛው አሻራውን በስልክ ካመሳከሩ በኋላ ከእሱ ኮምፒውተር የማይወጣ ፊርማ ማኖር ነው፦

```
gpg --lsign-key የአስቴር-40-ምልክት-አሻራ
```

አሻራው ያለ ክፍት ቦታ ይጻፍ። ማስጠንቀቂያው በዚህም ይጠፋል። አስቴር ተንደርበርድ ላይ የሚያጋጥማት ምርጫ ግልጽ ነው፤ አሻራውን እንዳመሳከረች የሚገልጸውን «Yes, I've verified…» ከስልኩ በፊት አትንካው።

ርእሱን መርሳት

ፒጂፒ የሚመሰጥረው የመልእክቱን አካል ነው። ተንደርበርድ ርእሱንም ደብቆ በቦታው ሦስት ነጥብ ያሳያል፤ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን አይደብቁም። ከማን ለማን እንደተላከና መቼ እንደተላከ የትኛውም አይደብቅም። «የቦሌው ቤት ውርስ» ከማለት «ሰላምታ» ይበቃል።

መሰረዣ ሳይይዙ ቁልፍ ማጣት

የጠበቃው ላፕቶፕ ተሰረቀ፣ ቁልፉ የነበረውም እዚያ ብቻ ነው እንበል። አስቴር ይህን ስለማታውቅ በአሮጌው ቁልፍ መላኳን ትቀጥላለች፤ እሱም መክፈት አይችልም። ጂፒጂ ከ2.1 ጀምሮ ቁልፍ ሲሠራ መሰረዣውን፣ ማለትም ቁልፉ ከእንግዲህ እንደማያገለግል የሚያውጀውን ፋይል፣ ራሱ አዘጋጅቶ `~/.gnupg/openpgp-revocs.d/` ውስጥ ያስቀምጣል። ፋይሉ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ከቀረ አብሮ ይሰረቃል፤ ስለዚህ ቁልፉ በተሠራበት ቀን ፍላሽ ላይ ይገልበጥ፣ ወይም ታትሞ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ፍላሹ ባልሆነ እጅ ከገባ ያገኘው ሰው ቁልፉን ሊሰርዝበት ይችላል፤ መልእክት ማንበብ ግን አይችልም።

መሰረዝ የግድ ሲሆን ፋይሉን ከፍተው ከ`BEGIN` በፊት ካሉት አምስት ሰረዞች ፊት ያለችውን `:` ያጥፏት። በስህተት እንዳይሠራ ሆን ተብሎ የተጻፈች ናት፤ እሷ ሳትጠፋ ጂፒጂ ፋይሉን አይቀበለውም። ከዚያ መጀመሪያ ይፋ ቁልፉን፣ ቀጥሎም ይህን ፋይል `gpg --import` አድርገው የተሰረዘውን ይፋ ቁልፍ ወደ ማከማቻው ይጫኑ፣ ለደንበኞችዎም ይላኩ። ተንደርበርድ የጂፒጂን የቁልፍ ማኅደር ስለማይጠቀም አስቴር የደረሳትን ፋይል እዚያ ራሷ ማስገባት አለባት።