የማይዋሽ ግን የሚሸጥ የሽንኩርት መክተፊያ ሪል ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል

ገመዱን እየሳቡ ሽንኩርት የሚከትፉበትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሳታውቁት አትቀሩም። ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የሚያስተዋውቁት ሪሎች ግን ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሽንኩርቱ ይገባል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይወጣል። ተመልካቹ የሚጠራጠረው ያችን የተቆረጠች ቦታ ነው። በዚሁ ዕቃ ላይ የ45 ሰከንድ ስክሪፕት እንጻፍ።

መጀመሪያ ብዕር ሳይሆን ሽንኩርት አንሡ። ዕቃውን ጥቂት ቀን የቤታችሁን ወጥ ሥሩበት፤ የት እንደሚለግም ጻፉ። ከግማሽ በላይ ስትሞሉት ስለቱ ይያዝና ገመዱ አልሳብ ይላል። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ሳትቆርጡ ብትከቱት እንዲሁ። ብዙ ስትስቡት ደግሞ ሽንኩርቱ ውሃ ያወጣል፤ ያለ ዘይት ቁሌት የምታቁላሉ ከሆነ ውሃው እስኪመጥ ትቆማላችሁ። ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ብቻውን ሲገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቁራጮቹም እኩል አይወጡም።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ከደረደራችሁ ሪሉ ወቀሳ ይሆናል። ምርጫው ግን የእውነት ጉድለት ይሁን። «ችግሩ አንድ ነው፣ ጎረቤት እየተዋሰ አስቸገረኝ» የሚባለውን ቀልድ ተዉት፤ ሰው ይነቃል። «ዓይን አያስለቅስም» ብላችሁም አትጻፉ። ክዳኑ ሲዘጋ ይቀንሳል እንጂ፣ ሽንኩርቱን ስትልጡና አራት ቦታ ስትቆርጡ ያው ማልቀሳችሁ አይቀርም።

አሁን ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የሚታየው፣ በሌላው የሚነገረው ይጻፋል። የእኔ እንዲህ ወጣ።

ከ0 እስከ 5 ሰከንድ። የሚታየው፦ ጢም ብሎ የሞላ መክተፊያ፣ ገመዱን ስትስቡት ንቅንቅ አይልም። የሚነገረው፦ «አልሳብ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሞልቼዋለሁ።»

ከ5 እስከ 22። የሚታየው፦ አራት ቦታ የተቆረጠ አንድ ቀይ ሽንኩርት ገብቶ ክዳኑ ይዘጋል፣ ገመዱ አሥር ጊዜ ይሳባል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሽንኩርቱ ነጭ ሳህን ላይ ይገለበጣል። የሚነገረው፦ «እስከ ግማሽ ብቻ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሌላ ቃል የለም።

ከ22 እስከ 34። የሚታየው፦ ጣታችሁ ከሳህኑ ላይ ትልቁን ቁራጭ ያነሣል። የሚነገረው፦ «እኩል አይከትፍም። ይኼን እዩት። ለሰላጣ ቢላዋ ይሻላችኋል። ለወጥ ግን ቁሌቱ ላይ ስለሚበስል አይታወቅም።»

ከ34 እስከ 45። የሚታየው፦ ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሲቁላላ፣ ዋጋው በጽሑፍ። የሚነገረው፦ «ለሦስት ለአራት ሰው ወጥ ለምትሠሩ ይበቃል። ለድግስ አትግዙት።» ከዚያ ዋጋውን በብር ተናገሩ፤ የት እንደሚገኝም ጨምሩ።

የመጀመሪያው ጉድለት ፊት የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የተቀረቀረ ዕቃ ያየ ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ይቆያል፤ መልሱም የአጠቃቀም ትምህርት ይሆናል። ሁለተኛው መሃል ላይ፣ ከተሳካው ሙከራ በኋላ ገባ። ወዲያው የማያስጨንቅበትን ቦታ ስላስከተላችሁለት ገዢው ራሱን ይለያል። ሰላጣ የሚያምረው ያልፋል፣ ወጥ ሠሪው ይቀራል። ለሰላጣ ገዝቶ «መልሱልኝ» ከሚል ደንበኛም ትድናላችሁ። ጉድለቱን መጨረሻ ላይ ብታስቀምጡት ግን ሰው ይዞት የሚሄደው እሱኑ ነው።

ዋጋውን በግልጽ ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ በእውነት ከመጣችሁ በኋላ «ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት ያገኛችሁትን አመኔታ መልሶ መጣል ነው። ዕቃው በነፃ ተሰጥቷችሁ ወይም ተከፍሏችሁ ከሆነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው፣ በአፋችሁ ተናገሩት። ካፕሽን ሥር ቢደበቅ ማንም አያነበውም።

ስትቀርጹ ክዳኑ ከሚዘጋበት እስከሚከፈትበት ድረስ አትቁረጡ፣ አታፍጥኑም። አሥር ስበት አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በዚያ ላይ የሙዚቃ ድምፅ አትጨምሩ፤ የስለቱ ጩኸት ይሰማ። ድምፅ አጥፍቶ የሚያየው ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናውን ቃል በጽሑፍ አውጡ፤ ከታችና ከቀኝ በኩል ግን አትጻፉ፤ ካፕሽኑና ቁልፎቹ ይሸፍኑታል። ስክሪፕቱንም ከቀረጻ በፊት ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። 45 ሰከንድ ካለፈ ከንግግሩ ቀንሱ፣ ከቆጠራው አትንኩ።

አንድ ተጨማሪ ቀረጻ ለይታችሁ ያዙ፤ አጣጠቡን። ገመዱ ያለበት ክዳን ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ውስጡ ውሃ ይቀርና ይሸታል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ሽንኩርቱ የሚገባበት ዕቃና ስለቱ ብቻ ይታጠባሉ። ኮሜንት ላይ «እንዴት ይታጠባል?» የሚል አይጠፋም፤ በዚያች ቪዲዮ መልሱለት።