በአማርኛና በላቲን ፊደል ሎጎ ስትሠሩ ከአማርኛው ጀምሩ

በድሬዳዋ ብዙ የሱቅ ምልክት በአማርኛና በላቲን ነው፤ ላቲኑ ለኦሮምኛም ለሶማሊኛም ያገለግላል። ብዙ ጊዜ ግን ላቲኑ መጀመሪያ ወፍሮ ያልቅና አማርኛው በዚያው ውፍረት ይጠቀጠቃል። ሎጎው ኩባያ ላይ ሲያንስ «ድሬ ቡና» «ደሬ በና» መስሎ ይነበባል።

ስለዚህ መጀመሪያ አማርኛውን ጻፉና ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አሳንሳችሁ በጥቁር ብቻ አትሙት። ስሙን የማያውቅ ሰው ያንብበው። የ«ቡ» ጎን ጭረት ወይም የ«ሬ» ቀለበት ከተደፈነ ውፍረቱን ቀንሱ። ላቲኑን ከዚያ በኋላ በዓይን አመጣጥኑት። ተመሳሳይ የፎንት ቁጥር መስጠት አይበቃም፤ በብዙ ፎንቶች የአማርኛውና የላቲኑ ቁመት ይለያያል። አማርኛውን ስታሳድጉ መስመሩም አብሮ ስለሚወፍር አንድ ደረጃ የሳሳውን ፎንት ምረጡ። ወደ ጎን ግን አትለጥጡት፤ ቋሚው መስመር ብቻ ይወፍርና ፊደሉ ይበላሻል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአማርኛ አናባቢውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው፣ ውፍረት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ላቲኑ ለአናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ስላለው ውፍረትን በተሻለ ይችላል።

ላቲኑ በትንንሽ ፊደላት ከሆነ የአማርኛውን ቁመት ከላቲኑ ትንሽ ፊደል ከፍ፣ ከትልቁ ዝቅ አድርጉት። በሩ ላይ ብቻ ለሚሰቀል ትልቅ ታፔላ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም።