ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ፕሮፖዛል ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል ለግምገማ ሲደርሰኝ በመጀመሪያ የምገልጠው የበጀት ሠንጠረዡን ነው፤ ችግሩን፣ ተግባራቱንና የሚጠበቀውን ውጤት የማነበው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ የማደርገው አራቱ ክፍሎች በተለያዩ ሰዎች ተጽፈው በመጨረሻው ሰዓት የተገጣጠሙ ከሆነ ነገሩ ቶሎ የሚጋለጠው በሠንጠረዡ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ ነው።

ከሁሉም ስህተቶች በላይ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው በችግር መግለጫው ላይ የሚሠራው ነው። ጸሐፊው ስለ ንባብ ጠቀሜታ አንድ ገጽ ሙሉ ካተተ በኋላ «የትምህርት ቤታችን ችግር ቤተ መጻሕፍት የሌለው መሆኑ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ መፍትሔውን ገልብጦ ችግር ብሎ መጥራት ነው። ለጋሹ የቤተ መጻሕፍቱን አለመኖር ከፕሮፖዛሉ ርዕስ ተረድቶታል፤ ማወቅ የሚፈልገው በዚያ ምክንያት ተማሪዎቹ ምን ማድረግ እንዳቃታቸው ነው። ችግሩ በዚህ መልክ ካልተነገረ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፍቶ ምን እንደሚለወጥ ማንም ሊለካ አይችልም፤ የትኞቹ መጻሕፍት መገዛት እንዳለባቸውም የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም። ከዚህ የተነሣ የውጤቱ ክፍልም የመጻሕፍቱ ዝርዝርም በግምት ይሞላሉ።

ይህን ለማስተካከል ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። ከአራተኛ ክፍል የስም መጥሪያ ላይ በየአምስተኛው ስም ተማሪዎችን መርጦ፣ ለሁለተኛ ክፍል የተዘጋጀና ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁትን አጭር ምንባብ በተናጠል ጮክ ብለው እንዲያነቡ ማድረግ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በትክክል ያነበቧቸውን ቃላት መቁጠርና ስለ ምንባቡ ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው። መምህሩ ራሱ ተማሪዎቹን ከመረጠ ጎበዞቹን ብቻ ማቅረቡ ስለማይቀር ምርጫው በመጥሪያው ይሁን። «ካነበቡት 30 ተማሪዎች 19ኙ ከጥያቄዎቹ ከግማሽ በላይ መመለስ አልቻሉም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የመግቢያውን ገጽ በሙሉ ይተካል፤ ለውጤቱም መነሻ መረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አለመተዋወቃቸው ነው። ለምሳሌ 600 ተማሪዎች በ12 ክፍሎች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት እንውሰድ። ፕሮፖዛሉ 3,000 መጻሕፍት፣ 10 መደርደሪያዎችና 20 ወንበሮች ይጠይቃል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አምስት ረድፍ መደርደሪያ በድምሩ 4.5 ሜትር መደርደርያ ቦታ አለው። መካከለኛ ውፍረት ላላቸው መጻሕፍት በሜትር 30 ብንይዝ 135 ይሆናል፤ ለመመለሻና ለወደፊት ግዥ ሩብ ያህሉ ባዶ መተው ስላለበት የአንዱ መደርደሪያ ልክ ወደ 100 መጻሕፍት ነው። ስለዚህ 10ሩ መደርደሪያዎች የሚይዙት 1,000 መጻሕፍት ሲሆን የቀሩት 2,000 በካርቶን ውስጥ ይቀመጣሉ። ስስ የልጆች መጻሕፍት ከሆኑ በሜትር ከዚህ የበለጠ ይገባል። አንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ይዞ ከመምህሩ ጋር ሲገባ ደግሞ 20ው ወንበር ከግማሽ በታች ላሉት ብቻ ይበቃል።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህ ሲነገራቸው የመደርደሪያውን ቁጥር ወደ 30 ያሳድጉታል። ሠላሳ መደርደሪያ ጎን ለጎን ሲቆም 27 ሜትር ግድግዳ ይፈልጋል፤ 8 በ7 ሜትር የሆነ ክፍል ደግሞ ዙሪያው 30 ሜትር ነው፤ በርና መስኮቶች ሲቀነሱለት አይበቃም። የተሻለው መንገድ መጻሕፍቱን ወደ 1,000 ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ የሚተርፈውን ገንዘብ ለወንበርና ከዚህ በታች ለምጠቅሰው ሠራተኛ ማዋል ነው።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ «ልዩ ልዩ መጻሕፍት፣ ብዛት 1,000» ተብለው በአንድ መስመር መጻፍ የለባቸውም። የችግር መግለጫው የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሁለተኛ ክፍል ምንባብ እንደሚከብዳቸው ካሳየ፣ የግዥው ትልቁ ድርሻ ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፉ ቀላል ታሪኮች መሆን አለበት። ከእንዲህ ዓይነት መግለጫ ሥር የኢንሳይክሎፒዲያ ስብስብና የፈተና መለማመጃ ዝርዝር ሳገኝ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ሰው እንዳልጻፋቸው እረዳለሁ።

ሦስተኛው ስህተት ቤተ መጻሕፍቱን ማን እንደሚከፍተው አለመናገር ነው። «አንድ መምህር በተደራቢነት ይሠራል» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከውጤቱ ጋር ሲነጻጸር አያስኬድም። እያንዳንዱ ተማሪ በወር ሁለት መጻሕፍት ይዋሳል ተብሎ ቃል ከተገባ፣ 600 ተማሪዎች በወር 1,200 ጊዜ ይዋሳሉ ማለት ነው። በወር 20 የትምህርት ቀናት ካሉ በቀን 60 ውሰትና 60 ምላሽ፣ በድምሩ 120 ምዝገባ ይኖራል። ለአንዱ ምዝገባ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢበቃ እንኳ ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ መጻሕፍቱን ወደ ቦታቸው መመለስና የተቀደዱትን መጠገን በዚህ አልተቆጠረም። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ይህን ሊሸከም አይችልም። ወይ የማስተማር ጫናው ይቀነስለትና በርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይረጋገጥ፣ ወይ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ክፍያ በጀት ውስጥ ይግባ። እግረ መንገድ፣ ውሰቱ ለሁለት ሳምንት ከሆነ በማንኛውም ቀን 600 ያህል መጻሕፍት በተማሪዎች እጅ ስለሚሆኑ መደርደሪያው ላይ የሚቀሩት 400 ናቸው፤ 3,000 መጻሕፍት ሳይኖሩም አገልግሎቱ እንደሚሄድ ለለጋሹ የሚያሳየው ይኸው ስሌት ነው።

ውጤትን ከተግባር ጋር ማደባለቅም አለ። «1,000 መጻሕፍት ይገዛሉ» ተግባር ነው፤ በደረሰኝ ይረጋገጣል። የውሰት መዝገቡ በወር 1,200 መድረሱ አገልግሎቱ ሥራ ላይ መዋሉን ያሳያል። ውጤቱ ግን በዓመቱ መጨረሻ በዚያው አሠራር ከመጥሪያ የተመረጡ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ምንባብ ሲያነቡ የሚታየው ለውጥ ነው። ያው ምንባብ ከተደገመ ልጆቹ በቃላቸው ስለሚያውቁት ልኬቱ ይበላሻል። የማትሪክ ውጤት ይሻሻላል ብሎ ቃል መግባት ደግሞ ከአንድ ክፍልና ከአንድ ዓመት አቅም በላይ ነው፤ ገምጋሚም አያምነውም።

«ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር አይጻፍ። ማጓጓዣ፣ የመጽሐፍ መሸፈኛ፣ የጀርባ መለያ ወረቀት፣ ማኅተምና የምዝገባ መዝገብ በየራሳቸው መስመር፣ በብዛታቸውና በነጠላ ዋጋቸው ይግቡ።

በመጨረሻ የሚመጣው ድጋፉ ካለቀ በኋላ ያለው ወጪ ነው። ብዙዎቹ «ኅብረተሰቡ ይረከበዋል» ብለው ያልፉታል። በየዓመቱ ከ100 መጻሕፍት 8ቱ ጠፍተው ወይም ተቀዳደው ከአገልግሎት ይወጣሉ ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ መነሻ ነው፤ ለ1,000 መጻሕፍት ይህ በዓመት 80 መተኪያ ማለት ነው። የእነዚህ 80 መጻሕፍት ዋጋና የሠራተኛው ክፍያ ከየትኛው የትምህርት ቤቱ ገቢ እንደሚሸፈን፣ ኮሚቴው ወስኖ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ከፕሮፖዛሉ ጋር ተያይዞ ይቅረብ።