ከምግብ በኋላ በ2 ሰዓት የተለካ ስኳር፦ ቁጥሩ ሲያስደነግጥ ከየት ይጀመራል?

ባለፈው እሁድ አባቴ ደወለልኝ። የስኳር ሕመም ካለበት ቆይቷል፤ ኪኒን ይወስዳል። "ከምሳ በኋላ ለካሁ፤ 214 ሆነ። መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል" አለኝ። ድምፁ ላይ ድንጋጤ ነበር።

ችግር፦ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ ሰዓቱ ግን ያጠራጥራል

"2 ሰዓቱን ከመቼ ጀምረህ ነው የቆጠርከው?" አልኩት። ምሳ ቀርቦ መብላት የጀመረው 7፡00 ላይ ነው። ጨዋታ ስለነበር 7፡40 ጨረሰ። ከዚያ ቡና ተፈላ። አቦልን 8፡45፣ ቶናን 9፡15 ጠጣ፤ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር። የለካው 9፡40 ነው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ እንጂ በልተው ጨርሰው እጅ ከታጠቡበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ልኬቱ 9፡00 ላይ መሆን ነበረበት። ከዚያም በላይ፣ ቶናውን ከጠጣ ገና 25 ደቂቃው ነበር። 214 የምሳው ብቻ ሳይሆን የቡናው ስኳርም ውጤት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ስትጀምሩ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። በመሃል ከውኃ ወይም ስኳር ከሌለው ቡና በቀር ምንም አትቅመሱ። አባቴ በማግስቱ ያንኑ ሽሮና እንጀራ በልቶ ልክ 9፡00 ላይ ለካ፤ 168 ሆነ። እርግጥ የእሁዱ 214 ውሸት አልነበረም። ስለ ቡናው ስኳር የነገረው ነገር አለ፤ አባቴ ግን አልወደደውም።

ችግር፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ለማን?

168 ጥሩ ነው መጥፎ? እንደ ሰውየው ነው።

የስኳር ሕመም ላለበት እንደ አባቴ ላለ ሰው የተለመደው ግብ፣ ምግብ ከጀመረ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ180 በታች መሆን ነው። 168 እዚያ ውስጥ ይገባል። በዕድሜ ለገፉ ወይም ስኳራቸው ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪሙ ግቡን ላላ ሊያደርገው ይችላል።

ስኳር የሌለበት ሰው በ2 ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ይመለሳል። እኔ 168 ባይ ኖሮ "ስኳር ያዘኝ" አልልም፤ ግን ዝም ብዬም አላልፈውም። ጤና ጣቢያ ሄጄ በባዶ ሆድ ወይም የ3 ወር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አሠራለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር፣ 200 ሲሞላ ስኳር" የሚለውን ከምሳ በኋላ ለተለካ ውጤት ሲጠቀምበት ነው። ያ መለኪያ የተቀመጠው 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተጠጥቶ በላብራቶሪ ለሚሠራ ምርመራ ነው።

እርጉዝ ሆና ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ግቧ ጠበቅ ያለ ነው፦ በ1 ሰዓት ከ140፣ በ2 ሰዓት ከ120 በታች። ለእሷ 168 ከፍተኛ ነው። ከተደጋገመ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ችግር፦ ሰዓቱም ልክ ነው፣ ግቡም ይታወቃል፣ ቁጥሩ ግን አሁንም ከፍ ይላል

ያኔ ከምግብ በፊትም ለኩ። ከምሳ በፊት 175፣ በኋላ 205 ከሆነ ምግቡ የጨመረው 30 ብቻ ነው። እንጀራውን መወንጀል አይገባም፤ ስኳሩ ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ነው ማዕድ ላይ የቀረባችሁት። ይህ የመድኃኒት ጉዳይ ስለሆነ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ።

በፊት 110፣ በኋላ 220 ከሆነ ግን ጉዳዩ ሳህኑ ላይ ነው። እንጀራውን በግማሽ ቀንሱ፤ ጎመኑንና ምስሩን አብዙ። ከበላችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በእግር ተንቀሳቀሱ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ምግብ በልታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል።

ችግር፦ ቁጥሩ ራሱ እንግዳ ነው

8.9 ካያችሁ አትደንግጡ። ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች፣ ለምሳሌ ከእንግሊዝ፣ የመጣ ማሽን በሌላ መለኪያ፣ በ mmol/L ነው የሚያነበው። በ18 አባዙት፤ እስካሁን ቁጥሮቹን በጻፍኩበት መለኪያ 160 mg/dL ገደማ ይሆናል። ሳይታሰብ 260 ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን አሽትቱት። ማንጎ ልጣችሁ ሳትታጠቡ ከወጋችሁ የለካችሁት ማንጎውን ጭምር ነው። በሳሙና ታጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ድገሙት። የስትሪፑም የአገልግሎት ጊዜ እንዳላለፈ ቀኑን እዩ።

ታጥባችሁም ከ250 በላይ ሆኖ ማስታወክ ወይም የትንፋሽ መፍጠን ካለ ግን መድገሙን ትታችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ።