በአንድ አንቀጽ ውስጥ የጊዜ ስህተትን ፈልጎ ማረም

የስህተት ማረሚያ መልመጃ የሚሰሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ስህተቱን ባለማየት አይደለም። ያልተሳሳተውን ስለሚያርሙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛውን ግሥ መንካት እንደሌለብን እንለይ።

የሚከተለውን አንቀጽ እንውሰድ። መመሪያው «ሦስት የጊዜ ስህተቶች አሉ፤ አርም» ይላል እንበል።

(1) ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። (2) እህቴ ለፈተና እያጠናች ነበር። (3) ሻማ ልፈልግ ስነሳ ወንበሩ እግሬን ይመታኛል። (4) «ቆይ፣ እኔ አመጣለሁ» አለችኝ። (5) የሰው የዓይን ብሌን በጨለማ ይሰፋል። (6) ትንሽ ከቆየን በኋላ ዕቃዎቹ ይታዩን ጀመር። (7) እህቴ ሻማውን አግኝታ ስትመለስ መብራቱ መጥቷል። (8) ሁለታችንም እንስቃለን።

መጀመሪያ እርሳሱን አስቀምጠህ አንብብ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩ የቆመው የት ነው? እዚህ «ትናንት ማታ» የሚለው ነገሩን ጨርሶታል። መሠረቱ ኃላፊ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብዙዎቹ የቆሙበትን ጊዜ ውሰድ።

ቀጥሎ ማሰሪያ ግሦቹን ብቻ አስምርባቸው። በአማርኛ ጊዜውን የሚቆርጠው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ነው። ከፊቱ ያሉት «ስነሳ»፣ «ልፈልግ»፣ «አግኝታ»፣ «ስትመለስ» ጊዜያቸውን ከእሱ ይበደራሉ። «አግኝታ ትመለሳለች» ስንል ነገሩ ገና ነው፤ «አግኝታ ተመለሰች» ስንል አልፏል። «አግኝታ» ግን አልተለወጠችም። «ከመጣ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መልኩ የኃላፊ ይመስላል፣ «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» ሲባል ግን ገና ስላልሆነ ነገር ነው የምናወራው። እነዚህን የነካ ሰው ደህናውን ዓረፍተ ነገር ያበላሻል።

ከዚያ ከመሠረቱ የወጡትን ለይ። ያሰመርንባቸው «ጠፋ»፣ «እያጠናች ነበር»፣ «ይመታኛል»፣ «አለችኝ»፣ «ይሰፋል»፣ «ይታዩን ጀመር»፣ «መጥቷል» እና «እንስቃለን» ናቸው። «ይታዩን ጀመር» እንዳያታልልህ፤ «ጀመር» አብራው ስላለች ኃላፊ ነው። ተጠርጣሪ ሆነው የቀሩት አራት ናቸው፦ 3፣ 5፣ 7 እና 8። መመሪያው ግን ሦስት ነው የሚለው። አንዱ ንጹህ ነው ማለት ነው።

አሁን ተጠርጣሪዎቹን ጠይቃቸው። ሁልጊዜ የሚሆን እውነት ነው? የዓይን ብሌን ትናንትም ዛሬም በጨለማ ይሰፋል። ስለዚህ 5ኛው ይለቀቃል። በሰው አፍ የተነገረ ነው? «አመጣለሁ» በጥቅስ ውስጥ ስለሆነ አንነካውም፤ እሷ ያን ጊዜ ስትናገር ገና አላመጣችም። ጥቅሱን የሚዘጋው «አለችኝ» ግን የተራኪው ነውና ኃላፊ መሆን አለበት፤ ሆኗልም። ሌሎቹ ሦስቱ ምክንያት የላቸውም።

3ኛው «መታኝ»፣ 8ኛው «ሳቅን» ይሆናሉ። ስታርም ጊዜውን ብቻ ለውጥ። «ይመታኛል» ውስጥ ያለችው «ኝ» እኔን የምታመለክት ናት፤ «መታ» ብለህ ከጻፍክ አንዱን አርመህ ሌላ ስህተት ጨመርክ። (በቃል ስናወጋ «ስገባ ማንን አያለሁ!» እንላለን፤ ለወሬ ያምራል። በመልመጃ ወረቀት ላይ ግን በጥቅስ ውስጥ ካልሆነ እንደ ስህተት ይቆጠራል።)

7ኛው ረጋ ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። «መጥቷል» ውጤቱ አሁንም ድረስ ያለ ነገር ይናገራል፤ የኛ ታሪክ ደግሞ ትናንት ላይ ቆሟል። «መጣ» እንበል? ሰዋስዉ ችግር የለበትም፣ ትርጉሙ ግን ይዞራል፤ እሷ እግሯን ስታስገባ መብራቱ ብልጭ አለ ማለት ይሆናል። «መጥቶ ነበር» ካልን ግን እሷ ሳትመለስ በፊት መብራቱ መጥቷል፣ ሻማው ከንቱ ሆኗል። የሳቁም ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለት መልስ የሚቀበል ቦታ ሲያጋጥምህ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እየው፤ የትኛው እንደሚያስኬድ እሱ ይነግርሃል።

በመጨረሻ የታረመውን ድምፅ አውጥተህ አንብበው። ሁሉም ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» ካለቀ አብዝተሃል ማለት ነው። «ነበር» የሚገባው ከሌላ ድርጊት ቀድሞ ላለቀ ወይም ያን ጊዜ በመካሄድ ላይ ለነበረ ነገር ነው። እዚህ የተገባው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ 2ኛው እና 7ኛው ላይ።