ሊዝ ወይስ ግዢ? ሂሳቡን የሚያዛቡ ስህተቶች

አንድ የዕቃ ማመላለሻ መኪና እንውሰድ። ዋጋው 1,000,000 ነው። በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በ4 ዓመት በሚያልቅ ብድር ከተገዛ የወር ክፍያው 26,334 ይሆናል። በሊዝ ከተያዘ ደግሞ ለ4 ዓመት በየወሩ 18,500 ይከፈልበታል፤ ውሉ ሲያልቅ መኪናው ለአከራዩ ይመለሳል። ኢንሹራንሱና ሰርቪሱ በሁለቱም በኩል የተጠቃሚው ነው እንበል።

የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ጋር ማወዳደር

ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ያቆማል። በወር ወደ 8 ሺህ ገደማ ይተርፈኛል ብሎ ሊዙን ይፈርማል። ግን በ48ኛው ወር አንደኛው መኪና አለው፣ ሌላኛው ቁልፉን አስረክቦ ባዶ እጁን ይወጣል። መኪናው በ4 ዓመቱ 450,000 የሚሸጥ ከሆነ ይህ ገንዘብ ሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ዝም ብሎ መደመር

ጠንቀቅ ያለው ደግሞ ሁሉንም ይደምራል። የብድሩ ክፍያ በጠቅላላ 1,264,000 ገደማ ነው። ከዚያ 450,000 ሲቀነስ 814,000 ይቀራል። ሊዙ 888,000 ነው። ስለዚህ ግዢው በ74 ሺህ ይረክሳል ይላል።

ይህም ትክክል አይደለም። ያ 450,000 የሚገኘው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወለዱ ይሮጣል። ሁሉንም ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ ያስፈልጋል፤ በኤክሴል ሁለት መስመር ይበቃል፦

```
=PV(1%,48,-18500)
=PV(1%,48,0,-450000)
```

የመጀመሪያው የሊዙን የዛሬ ዋጋ 702,518 ይሰጣል። ሁለተኛው የመሸጫውን ገንዘብ ወደ 279,117 ያወርደዋል። የብድሩ ወለድ ራሱ 12 በመቶ ስለሆነ የብድሩ የዛሬ ዋጋ ያው 1,000,000 ነው። ከዚህ 279,117 ሲቀነስ ግዢው 720,883 ይመጣል። አሁን ሊዙ በ18 ሺህ ገደማ ረከሰ። መልሱ ተገለበጠ ማለት ነው።

በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰውም ወለድ የለብኝም ብሎ ይህን መዝለል የለበትም። ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢሰራ የሚያመጣው ትርፍ የእሱ ወለድ ነው።

የመሸጫ ዋጋን በተስፋ መገመት

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይሄ ቁጥር ነው። ሰው ግን በግምት ጣል ያደርገዋል። እኔ ጥያቄውን ብገለብጠው እመርጣለሁ፦ ግዢና ሊዝ እኩል እንዲሆኑ መኪናው በስንት መሸጥ አለበት? በእኛ ምሳሌ መልሱ 480,000 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተሸጠ ግዢው ያዋጣል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሊዙ።

አሁን ማጣራት የሚቻል ጥያቄ አለን። ተመሳሳይ ሞዴል፣ በተመሳሳይ ዕድሜና ኪሎ ሜትር፣ በእርግጥ በስንት ተሸጠ? ሻጭ የጠራው ሳይሆን ገዢ የከፈለው ዋጋ ነው የሚፈለገው። ለኤክስካቫተር ወይም ለጄኔሬተር ደግሞ ከኪሎ ሜትር ይልቅ የሰራበት ሰዓት ይታያል።

የ8 ዓመት ዕቃን በ4 ዓመት መመዘን

መኪናውን 8 ዓመት ለመያዝ ያሰበ ሰው የ4 ዓመት ንጽጽር አይጠቅመውም። ያው ሰው በሊዝ ቢሄድ በ5ኛው ዓመት ሌላ ውል መፈረሙ አይቀርም። ሁለተኛው ውል በዚያው በ18,500 ቢገኝ እንኳ የሁለቱ የዛሬ ዋጋ 1,138,000 ይደርሳል።

የገዛው ከ5ኛው ዓመት ጀምሮ የብድር ክፍያ የለበትም። ግን መኪናው ያረጃል። ለተጨማሪ ጥገና በወር 6,000 እንያዝ፤ በ8ኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ 180,000 ይሸጥ። ወደ ዛሬ ሲመለስ ወጪው 1,072,000 ገደማ ነው። ግዢው በ66 ሺህ ተሻለ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ሥራ የሚቆምበት ቀን ግን እዚህ ውስጥ የለም። አንድ መኪና ብቻ ያለው ድርጅት እሱንም ዋጋ ሰጥቶ መደመር አለበት።

የውሉን መጨረሻ ገጾች ሳያነቡ ማለፍ

የመኪና ሊዝ አብዛኛውን ጊዜ የኪሎ ሜትር ገደብ አለው። በዓመት 20,000 ተፈቅዶ 27,000 ቢነዳ፣ በ4 ዓመት 28,000 ኪሎ ሜትር ትርፍ ይሆናል። በኪሎ ሜትር 3 ቢጠየቅ 84,000 ነው፤ በዛሬ ዋጋ 52,000 ገደማ። የሊዙን የ18 ሺህ ብልጫ ጠራርጎ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የገዛውም ሰው ብዙ የነዳውን መኪና ሲሸጥ ይረክስበታል። ስለዚህ ቅጣቱን በሊዙ በኩል ስንጨምር በግዢው በኩል ደግሞ 450,000ውን ዝቅ አድርገን ሂሳቡን እንደገና እንሰራለን። ጭረቱ፣ ጎማው፣ ውሉን ቀድሞ የማፍረሻ ክፍያውም እንዲሁ ከመፈረም በፊት በቁጥር ይጻፋሉ።